የተዘለሉት ሰባ ስድስት ረድፎች

ዶክተር ሺሞን ለስታትስቲክስ ኮርሱ የቤት ሥራ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ሲመድብ፣ የታፈረንና የባት-ኤልን ስም አከታትሎ ጠራና ከወረቀቱ ቀና አለ። «እናንተ ሁለታችሁ ትግባባላችሁ» አለ። በክፍሉ ካሉት ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች ቤተሰቦቻቸው ከኢትዮጵያ የመጡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የባት-ኤል ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ታፈረ ከኋላ ወንበር ሆኖ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ወር ሙሉ አንድ ክፍል ሲማሩ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተለዋወጡም ነበር። ባት-ኤል ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ እስራኤል፣ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ወታደር ቤት ሳለች በአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስለሠራች ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ ለመደችው። ታፈረ ሠላሳ ሦስት ሞልቶታል። በዐሥር ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር መጣ፤ ከጦር አገልግሎቱ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሠራ፤ አሁን ሽኩና ቤት ከሚባለው ሌላ ሰፈር ካለ አንድ ክፍል ቤት እየተመላለሰ ይማራል። በየትምህርቱ እጁን አውጥቶ ሌላው ሁሉ የገባውን ነገር ደግሞ ይጠይቃል። እሱ በጠየቀ ቁጥር ባት-ኤል ወደ መስኮቱ ዞር ትላለች። ዞር ማለቷን ታፈረ አይቶታል።

የቤት ሥራው ለሁሉም አንድ ነበር። ኮሌጁ በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በሁለት ሺህ ሰባት፣ በሦስት ቦታዎች፣ በሽኩና ቫቭ፣ በሽኩና ቤትና ባለጸጎች በሚኖሩባት በዖሜር፣ የጤና መጠይቅ አስሞልቶ ነበር። በፋይሉ ውስጥ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ረድፎች አሉ። እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ ሰው መልስ ነው፦ የቅጹ ቁጥር፣ ሰፈር፣ ጾታ፣ የልደት ቀን፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የደም ግፊት። ስም የለም። ተማሪዎቹ ፋይሉን አጽድተው አማካዩን፣ መካከለኛውን ቁጥርና መደበኛ ልይይቱን አውጥተው ዐሥር ገጽ ሪፖርት ይጽፋሉ።

ዶክተር ሺሞን ፋይሉ ንጹሕ አለመሆኑን አልደበቀም። መልሱን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ሦስት ሰዎች እንደየልማዳቸው ጽፈውታል። አንዱ ቁመትን በሴንቲሜትር፣ ሌላው በሜትር። አንዱ «ቫቭ» ሲል ሌላው «ሽኩና ቫቭ» ይላል። «አብዛኛው ቅጽ የመጣው ከቫቭ ነው» ብሎ ነበር ዶክተሩ፤ «የተዝረከረከውም እዚያ ነው።» ጥቂቶች ሳቁ።

ባት-ኤል ፋይሉን ይዛ ቤቷ ገባችና ለታፈረ ሳትነግረው ብቻዋን ጀመረች። ምንም ሳታጸዳ የደም ግፊቱን አማካይ ብታወጣ መቶ ሰባ አንድ ሆነ። አንድ ሙሉ ከተማ በአማካይ መቶ ሰባ አንድ የደም ግፊት ሊኖረው አይችልም። ከፍተኛውን ቁጥር ስትፈልግ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ አገኘች፤ በሃያ ሁለት ረድፎች ላይ። ግፊቱ ያልተለካለት ሰው ሲያጋጥም ጸሐፊዎቹ ባዶ በመተው ፈንታ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሞልተዋል። እነዚያን እንዳልተለኩ ቆጥራ ከግፊቱ ስሌት አወጣቻቸው፤ ሰዎቹን ግን አልሰረዘችም። ከሦስት በታች የሆነን ቁመት ሁሉ በመቶ አባዛች። የሰፈሮቹን ስም አንድ ወጥ አደረገች። ሁለት ጊዜ የገቡ ዘጠኝ ቅጾችን በቅጽ ቁጥራቸው ለየችና ከእያንዳንዱ አንዱን ብቻ አስቀረች፤ አራት መቶ ሦስት ሰው ቀረ። ሥራዋ ንጹሕ ነበር፤ እሷም ይህን ታውቅ ነበር።

ከዚያ ወደ ልደት ቀኑ መጣች። ቀኑን የሚያነበው መስመር አንድ ረድፍ ላይ ደርሶ ቆመና ስሕተት አለ። ረድፉን ብታየው «00/00/1943» ይላል። ዜሮኛ ቀን፣ ዜሮኛ ወር። ፓይተን እንደዚህ ያለ ቀን አያውቅም። ባት-ኤል ጥቂት አየችው። ከዚያ ቀኑን ማንበብ ካልቻልህ ረድፉን ዝለልና ቀጥል የሚል ትእዛዝ ጻፈች። ፕሮግራሙ ከላይ እስከ ታች ያለ አንዳች ተቃውሞ ሮጠ። የዕድሜው አማካይ ሠላሳ ስድስት ወጣ፤ የግፊቱ መቶ ሃያ አንድ። ሠንጠረዡን አትማ በማግስቱ ለታፈረ ሰጠችው። ኮዱ አልቋል፣ አንተ መግቢያውን ጻፍ፣ ዕብራይስጡን በኋላ አርምልሃለሁ አለችው።

ታፈረ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ አነበበው። ኮዱን ማየት እንደሚፈልግ በአማርኛ ነገራት። እሷ በዕብራይስጥ ለምን አለችው። ስሜ ከላዩ ስለሚጻፍበት ነው አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ ካወሩት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። ኮዱን በኢሜይል የላከችለት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ።

ታፈረ ቤቱ ኮምፒውተር ስለሌለው በኮሌጁ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ያስጨነቀው ከሠንጠረዡ አንድ መስመር ነው፦ ዖሜር መቶ ስምንት ሰው፣ ሽኩና ቤት መቶ ዐሥራ ስምንት፣ ቫቭ መቶ አንድ። አብዛኛው ከቫቭ ነው የተባለው እንዴት ከሁሉ አነሰ? ከእያንዳንዱ የማጽዳት እርምጃ በፊትና በኋላ የረድፎቹን ብዛት የሚያሳይ መስመር ጨመረ። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት። አራት መቶ ሦስት። ከዚያ ሦስት መቶ ሃያ ሰባት። የወደቁትን ሰባ ስድስት ረድፎች ለብቻ አሳተማቸው። ሁሉም በዜሮ ዜሮ የሚጀምር ልደት ነበራቸው። ስድሳ አራቱ ከቫቭ፣ ዐሥራ ሁለቱ ከሽኩና ቤት። ከዖሜር አንድም የለም።

ሰኞ ጠዋት ባት-ኤል ላቦራቶሪው ስትገባ ተነሥቶ ጠበቃት። ስምንት ያህል ተማሪዎች በየኮምፒውተሩ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን አሳያትና እነዚህን ለምን እንደጣለቻቸው ጠየቃት። ቀኑ ልክ አይደለም አለችው፤ ልክ ያልሆነ ረድፍ ይወጣል፣ ማጽዳት ማለት ይኸው ነው። ዓመቱ ተጽፏል፣ ዕድሜ በዓመት ይሰላል አላት። ግምት ነው አለች፤ ግምት ደግሞ ዳታ አይደለም። በዚህ ጊዜ እሱም ወደ ዕብራይስጥ ዞረ፤ ሁሉም እንዲሰማ መሆኑን ተረዳች።

«ሺሞን ቢሆን አላውቅም ቢል አምነዋለሁ» አለ። «አንቺ ግን ዜሮ ዜሮ የማን እንደሆነ ታውቂ ነበር። እያወቅሽ ጣልሻቸው።»

ወደ ስክሪናቸው ጎንበስ ብለው የነበሩት ተማሪዎች መተየባቸውን አቆሙ። ባት-ኤል ቦርሳዋን አነሣች። «የፋብሪካ ሰው ሁልጊዜ አለቃ መሆን ያምረዋል» አለችውና ወጣች።

እስከ ሽኩና ቫቭ በእግሯ ሄደች። የታኅሣሥ ነፋስ አሸዋ እያነሣ ፊቷ ላይ ይበትን ነበር። በመንገዱ ሁሉ መልስ ስትደረድር ቆየች፤ አስተማሪው ራሱ የተበላሸ ረድፍ ይውጣ ማለቱን፣ መጽሐፉም እንደዚያ ማለቱን፣ ታፈረ አንድ መስመር ኮድ ከራሱ መጻፍ አለመቻሉን። ቤት ስትደርስ እናቷ አማረች ከልብስ ማጠቢያ ሥራዋ ተመልሳ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ አረፍ ብላ ነበር። ምን ሆነሽ አለቻት። ምንም፣ ብላ በዕብራይስጥ መለሰችላት።

የእናቷ መታወቂያ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ከክትባት ካርዶች ጋር ይቀመጣል። ባት-ኤል ለማየት መክፈት አላስፈለጋትም። 00/00/1957 ይላል። ከኢትዮጵያ ሲመጡ የተወለዱበትን ቀን የማያውቁ ብዙዎች የተመዘገቡት እንዲህ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ክሊኒኩ መስኮት ላይ ለእናቷ ታስተረጉም ነበር። ጸሐፊዋ የልደት ቀን ስትጠይቅ ባት-ኤል ቀን የላትም አለቻት። ጸሐፊዋ ከኋላዋ ላለችው ባልደረባዋ፣ «ይኸው ሌላ ያልተወለደች መጣች» አለችና ሁለቱም ሳቁ። እናቷ ምን አለች ብላ ስትጠይቃት ባት-ኤል ምንም አላለችም አለቻት። ያን ቀን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ፋይሉ ውስጥ ዜሮዎቹን ስታይ የተሰማት ያው ነበር፤ ከፊቷ ዘወር እንዲሉላት ፈለገች። ያንን የዝለል ትእዛዝ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ታፈረ ልክ ነበር። ይህ ነው ይበልጥ ያናደዳት።

በማግስቱ ዶክተር ሺሞን ቢሮው አስጠራት። ታፈረ ቀድሟት ሄዶ ነገሩን ሁሉ ነግሮታል፤ የራሱንም ኮድ ጽፎ በፍላሽ ዲስክ ሰጥቶታል። ዶክተሩ ወንበር አልሰጣትም። ያጣመርኋችሁ እኮ እንደዚህ ያለውን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ነው፣ ሌሎቹ ጥንዶች ቢስቱት አይገርመኝም፣ ያንቺ ግን ይገርማል አላት። ባት-ኤል ሌሎቹም ጥለዋቸው እንደሆነ ጠየቀችው። ምናልባት አላት፤ እሱን ሲያርም ያየዋል። ከዚያ የታፈረ ሥራ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ሰው እንደያዘ፣ ያንን መሠረት አድርገው ሐሙስ እንዲያስረክቡ ነገራት።

ቁጥሩ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። አራት መቶ ሦስት መሆን ሲገባው እንዴት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ይሆናል? የታፈረን ኮድ ከዶክተሩ ተቀብላ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ የሄደችውም ስሕተት ፍለጋ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሱን ሥራ ከልቧ አነበበችው። ልደቱ በዜሮ ሲጀምር ዓመቱን ብቻ ይወስዳል፤ ይህ ትክክል ነው። ተደጋጋሚ የሚያስወጣበት ቦታ ስትደርስ ግን ቆመች። ታፈረ የቅጽ ቁጥር አላመነም። አንድ ሰው በሁለት ቁጥር ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሊሆን ይችላል ብሎ በማሰብ፣ ሰፈራቸው፣ ጾታቸውና የልደት ቀናቸው አንድ የሆነ ረድፎችን እንደ አንድ ሰው ቆጥሯቸዋል። ሙሉ ቀን ላለው ሰው ይህ ጉዳት የለውም፤ በአንድ ሰፈር በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ሴቶች እምብዛም አይገኙም። ቀንና ወራቸው ዜሮ ለሆነው ግን ዓመቱ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ዓመቱም ሲመዘገብ በግምት ስለተጻፈ 1940፣ 1945፣ 1950 እያለ የሚሄድ ነበር።

የተሰረዙትን አሳተመች። ዘጠኙ ድጋሚ ቅጾች እንዳሉ ሆነው ሌላ ሠላሳ ስምንት ሰው ጠፍቷል፤ ሁሉም ዜሮ ዜሮ። በ1945 ተወለዱ የተባሉ ዘጠኝ የቫቭ ሴቶች አንዲት ሴት ሆነዋል። ዘጠኝ የቅጽ ቁጥር፣ ዘጠኝ የተለያየ ቁመት፣ ከመቶ አርባ ስምንት እስከ መቶ ስድሳ ስድስት። ባት-ኤል ወረቀቱን አጠፈችና ለብዙ ቀን ያልተሰማት ደስታ ተሰማት። ደግ ደስታ አልነበረም።

ስልኩ ነበራት፤ አልደወለችለትም። ረቡዕ ጠዋት ላቦራቶሪው እስኪሞላ ጠብቃ ገባች። ታፈረ ሪፖርቱን በሁለት ጣት ይተይብ ነበር። ወረቀቱን ኪቦርዱ ላይ አኖረችበት፤ ከዚያ እስከዛሬ ያላደረገችውን አደረገች፣ በአማርኛ አናገረችው፤ በአንቱታ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ እሷ ደግሞ ለዚህ ቀን አንቱታውን ፈልጋው ነበር።

«እርስዎ እነዚህን ዘጠኝ ሴቶች ይመልከቱልኝ» አለች። «እኔ ጣልኋቸው፤ እርስዎ ደግሞ አንድ ናቸው አሉ። የትኛው ይብሳል?»

ታፈረ ወረቀቱን አነሣ። ቁመቶቹን በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ወደ ኮዱ ሄዶ ተደጋጋሚ የሚያወጣውን ቦታ ፈለገና አነበበው።

«ሠላሳ ስምንት?» አለ።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ትናንት አውቀሽ ነበር?»

አዎ አለችው። ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም አላት። እሷም አንተስ ሺሞን ዘንድ ከመሄድህ በፊት ለምን አልደወልህልኝም ብላ ጠየቀችው፤ አንቱታው እዚያ ላይ አለቀ። ታፈረ ቢደውል ኖሮ እንደማታነሣለት ነገራት። እውነቱን ነበር፤ ባት-ኤል ግን ይህን አላመነችለትም።

ማስረከቢያው በማግስቱ ስለነበር ከጎኑ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ተኩል አብረው ሠሩ። የተነጋገሩት ስለ ኮዱ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በጥቂት ቃል። ተደጋጋሚው በቅጽ ቁጥር ይለይ፤ ይሁን። ዕድሜ ከሁለት ሺህ ሰባት ላይ የልደት ዓመቱ ተቀንሶ ይሰላ፤ ለሁሉም እኩል፣ ሙሉ ቀን ላለውም ለሌለውም። ታፈረ ከዕድሜው ጎን ዓመቱ ብቻ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክት አንድ ዓምድ ይጨመር አለ። ባት-ኤል ጥሩ ሐሳብ መሆኑን አውቃ ያለ አንድ ቃል ጨመረችው። መጨረሻ ላይ አራት መቶ ሦስት ሰው ወጣ፤ ከቫቭ መቶ ስድሳ አምስት። የዕድሜው አማካይ ከሠላሳ ስድስት ወደ አርባ አንድ ነጥብ ሦስት ወጣ፤ የግፊቱ ከመቶ ሃያ አንድ ወደ መቶ ሃያ አራት። ሁለቱም ቁጥሮቹን አዩአቸው። ከነዚያ ሰባ ስድስት ሰዎች መካከል ግፊታቸው ከፍ ያለው ብዙ ነበሩ፤ ፋይሉ ውስጥ በዕድሜ የገፉትም እነሱ ነበሩ። አንድ ሐኪም የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ አይቶ ቢሆን ኖሮ ቫቭ ጤነኛና ወጣት ሰፈር ነው ባለ ነበር።

ሁለቱ የተጨቃጨቁት በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። ታፈረ በመጀመሪያ ሰባ ስድስቱን በስሕተት እንደጣሉ፣ በኋላም ሠላሳ ስምንቱን በስሕተት እንዳጣመሩ ይጻፍ አለ። ባት-ኤል ሪፖርት የንስሓ ቦታ አይደለም አለችው፤ የተደረገው ይጻፍ፣ ማን እንደተሳሳተ መጻፉ ለማንም አይጠቅምም። ለአንቺ ነው የማይጠቅምሽ አላት። እንዲህ ሲባባሉ ከጎናቸው ያለችው ተማሪ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። በስተመጨረሻ የተጻፈው አጭር ነበር፦ ሰባ ስድስት ሰዎች በመዝገብ ያላቸው የልደት ዓመት ብቻ መሆኑን፣ ዓመቱም የተገመተ ሊሆን እንደሚችል፣ እነሱን ማስወጣት የሁለት ሰፈሮችን አረጋውያን ከውጤቱ እንደሚያጠፋ፣ ስለዚህ እንዳልወጡ። ከሥሩም ከነሱ ጋርና ያለ እነሱ የተሰላው አማካይ ጎን ለጎን ተቀመጠ። ስለ ስሕተቱ ምንም አልተባለም። ታፈረ ስሙን ሲጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድ ደረሰ።

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ሰማንያ አራት። በዚያ አንቀጽ ዳር ላይ ዶክተር ሺሞን በቀይ፣ «ለማጽዳት ጉዳይ ይህ ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ውጤቱ ላይ አተኩሩ» ብሎ ጽፎበታል። ባት-ኤል የሌሎቹን ጥንዶች ሪፖርት በማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ተደርድሮ አየችው። ዳቪዲ የሚባል ልጅና ጓደኛው ዘጠና ሁለት አግኝተዋል፤ ሠንጠረዣቸው ሦስት መቶ ሃያ ሰባት ሰው ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አነሣች፤ ሦስት መቶ ሃያ ሰባት። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛውን አልገለጠችውም።

የዳቪዲን ሪፖርት ይዛ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ወጣች። ሰባ ስድስት ሰው የጎደለበት ሥራ ከእሷና ከታፈረ ሥራ እንዴት በለጠ ብላ ጠየቀችው። አጻጻፉ ጥሩ ነበር አላት፤ ዳታውን በተመለከተ ተማሪዎቹ ሊያውቁ የማይችሉት ነገር ነው። እኛስ እንዴት ማወቅ ነበረብን አለችው። ዶክተር ሺሞን መነጽሩን አወለቀና ክርክር ከፈለግሽ ማመልከቻ ጻፊ አላት። እሷም እጽፋለሁ አለች። ከዚያ የመጣችበትን ሁለተኛ ጉዳይ ተናገረች፤ ለሚቀጥለው ሥራ ከታፈረ ጋር እንዳያጣምራት።

«እሱ ባለፈው ሳምንት ጠይቆ ጨርሷል» አላት። «ተለያይታችኋል።»

ባት-ኤል ደረጃውን ስትወርድ ከሁሉም በላይ ያናደዳት ይህ ነበር፤ ቀድሟት መጠየቁ። ታፈረ ታች፣ ከሰሌዳው ሥር ቆሞ ነበር። እሱም የሌሎቹን ሪፖርት አንድ በአንድ እያነሣ፣ አንደኛውን ገጽ ብቻ እየገለጠ፣ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። ስምንት ጥንዶች ላይ ደርሷል፤ ከስምንቱ ሰባቱ ሦስት መቶ ሃያ ሰባት ነበሩ። ባት-ኤል ቆማ አየችውና ማመልከቻ ልትጽፍ መሆኗን ነገረችው። እኔም ብሏት መቁጠሩን ቀጠለ። አንድ ላይ እንጻፈው ያለ የለም።

ሁለት ማመልከቻዎች በአንድ ቀን ገቡ፤ አንዱ በእሷ ስም፣ አንዱ በእሱ። ውጤታቸው አልተለወጠም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ፋይሉ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ሲሰጥ ከሥሩ አንድ መስመር ማስታወሻ ተጨምሮበት ነበር፦ ቀንና ወሩ ዜሮ የሆነ ልደት ስሕተት አይደለም፣ አይሰረዝ። ማን እንዳስጨመረው አልተጻፈም። ባት-ኤል የሷ ማመልከቻ ነው ብላ ታምናለች። ታፈረም የሱ ነው ብሎ እንደሚያምን አልተጠራጠረችም፤ ጠይቃው ግን አታውቅም።